ሆያ ሆዬ በእማማ ደጃፍ፦ ለነሐሴ ወር የካላንደር ገጽ የሥዕል ፕሮምፕት

በውሃ ቀለም የተሠራ፣ ዳር ዳሩ በቀጭን ጥቁር መስመር የተሳለ የልጆች መጽሐፍ ዓይነት ሥዕል። አግድም ነው፤ ስፋቱ 3፣ ቁመቱ 2። ቦታው አዲስ አበባ፣ የድሮ ሰፈር ውስጥ ያለ ግቢ። ዕለቱ ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። መሬቱ ጭቃ ነው፤ እዚህም እዚያም ውሃ አቁሯል። ከኋላ፣ ከግራ ጫፍ ጀምሮ እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ፣ ዝገት የጀመረው ግራጫ የቆርቆሮ አጥር አለ። በቀኝ በኩል የጭቃ ቤት ይታያል፤ በሩ ሰማያዊ እንጨት ነው፣ ከበሩ በስተቀኝ አንድ ትንሽ መስኮት፣ ከበሩ ፊት አንድ የድንጋይ ደረጃ አለው።

ስድስት ሰዎች ብቻ አሉ፦ አራት ወንዶች ልጆች፣ አንዲት እናትና አንዲት ትንሽ ልጅ። ከግራ ወደ ቀኝ ተራርቀው ነው ያሉት። በሁለት ልጆች መሐል ሁልጊዜ የአጥሩ ቆርቆሮ ይታያል። ማንም ማንንም አይነካም፣ ማንም ማንንም አይጋርድም። ከነጭና ከጥቁር በቀር የአንዱ ልብስ ቀለም በሌላው ላይ አይደገምም።

በግራ ጫፍ፣ ከሁሉም ቀድሞ ለተመልካቹ ቅርብ የቆመው የስድስት ዓመት ልጅ ነው። ቢጫ ሹራብና ቀይ የዝናብ ቦቲ ለብሷል። ዱላ የለውም። ሁለት ሙልሙል ዳቦ የያዘ ፌስታል በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፏል። የቡድኑ ዳቦ ያዥ እሱ ነው፤ ኩራቱ ፊቱ ላይ ይነበባል።

ከእሱ በስተቀኝ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አጥሩ ሥር ረጅሙ ልጅ ቆሟል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው። ጥቁር ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ፣ ግራጫ ሱሪ። የተጠቀለለ ጅራፍ በግራ ትከሻው አንግቷል። በቀኝ እጁ ዱላውን ቀጥ አድርጎ መሬት ይመታል፤ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው።

መሐል ላይ አውራጁ። ሥዕሉ የሚቆመው በእሱ ስለሆነ ዙሪያው ከሁሉም ሰፊ ባዶ ቦታ ይኑር። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ነጭ ቲሸርት ለብሶ ነጠላ በወገቡ አሸንፍጧል። ፊቱ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቤቱ በር ዞሯል። ዱላውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አግድም አንስቷል፤ የዱላው ጫፎች ወደ ሌላ ልጅ አይደርሱም። ሌሎቹ «ሆ!» ሲሉ እሱ ትንፋሽ ስቦ ቀጣዩን ስንኝ ሊያወርድ ነው፤ አፉ ገና መከፈቱ ነው፣ የአንገቱ ጅማት ይታያል። የተቀባዮቹ አፍ ግን ክብ ነው። ይህ ልዩነት እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ሁሉም እኩል አፋቸውን ከከፈቱ የቡሄ ጭፈራ መሆኑ ይቀርና ዝም ብሎ ጩኸት ይሆናል።

ከአውራጁ በስተቀኝ፣ ወደ ተመልካቹ ቀረብ ብሎ፣ አንድ ክብ ፊት ያለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጎንበስ ብሏል። ብርቱካናማ ማሊያ፣ ጥቁር ቁምጣ፣ ባዶ እግር። ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጭቃውን ይደቃል። ጭቃው ተፈናጥሮ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አርፏል። ጎንበስ በማለቱ ራሱ ከሌሎቹ ልጆች ራስ በታች ነው።

ደረጃው ላይ እማማ ቆመዋል፤ ስድሳ ዓመት ገደማ። በአረንጓዴ ጥለት ያጌጠ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ጥቁር ሻሽ አስረዋል። አራት ሙልሙል የተደረደረበት ሰፌድ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሙልሙሉ ሞላላና ቡናማ ነው። ልጆቹን እያዩ ፈገግ ብለዋል፤ ዳቦውን ግን ገና አልዘረጉም።

መስኮቱ ውስጥ፣ በቀኝ ጫፍ፣ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰች ሹሩባ የተሠራች ልጅ ከወገቧ በላይ ትታያለች። ታጨበጭባለች።

ብርሃኑ ከግራ፣ በደመና መሐል ሾልኮ የሚመጣ የማታ ፀሐይ ነው። የእያንዳንዱ ልጅ ጥላ ለብቻው ወደ ቀኝ ይወድቃል። ያልተለኮሰ ችቦ አጥሩ ላይ፣ በትንሹና በረጅሙ ልጅ መሐል ተደግፏል።

ነሐሴ ነውና ሣሩ ለምለም ይሁን፤ የደረቀ ሜዳ አይሳል። አደይ አበባም ጊዜው ስላልደረሰ አይግባ። ከአጥሩ ውጪ ሕዝብ የለም። ፊቶቹ የወንድማማች መንታ አይምሰሉ፤ የቆዳ ቀለማቸው፣ ግንባራቸው፣ የፀጉር አቆራረጣቸው ይለያይ። በጠቅላላው ሦስት ዱላ፣ አንድ ጅራፍ፣ ስድስት ሙልሙል። ለእያንዳንዱ የሚታይ እጅ አምስት ጣት። ምንም ጽሑፍ የለም፤ የወሩ ስም በኋላ ስለሚጻፍ የሰማዩ የላይኛው ክፍል ባዶ ይተው።