የባጃጇ ድርሻ

ጅማ ውስጥ ባጃጅ መንዳት የጀመርኩት በ2010 ነው። ባጃጇ የእኔ አልነበረችም፣ የሀጂ ነበረች። ሀጂ እዚያው ጅማ መርካቶ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ስማቸው እንዲነሳ ስለማይወዱ ሀጂ ብዬ ብቻ ልለፈው። ውላችን ቀላል ነበር። በቀን 250 ብር ገቢ አስገባለሁ፣ ቤንዚን በእኔ፣ የተረፈው የእኔ።

የተረፈው ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ማታ ኪሴ ውስጥ የተገኘው ነው ገቢዬ። ቁርስ ከኪስ፣ ጫት ከኪስ፣ ጎማ ሲፈነዳም ከዚያው ኪስ። አንድ ቀን 300 ብር ይዤ ቤት እገባለሁ፣ በማግስቱ ለሀጂ የማስገባው አጥቼ ተራ ላይ ካለ ጓደኛ እበደራለሁ።

አንድ ማታ ገቢ ላስገባ ስሄድ ሀጂ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በወር ስንት ታገኛለህ?»

«እንደ ቀኑ ነው ሀጂ።»

«ቀኑን ማን ይጽፈዋል ታዲያ?»

መልስ አልነበረኝም። ከመደርደሪያቸው አንድ የተማሪ ደብተር አውርደው ሰጡኝ። ሒሳቡን ልክፈል ብል እምቢ አሉ።

በደብተሩ አራት መስመር አሰመርኩ፦ የገባ፣ የሀጂ፣ ቤንዚን፣ የእኔ ወጪ። በየቀኑ ማታ ባጃጇን አቁሜ፣ ከመውረዴ በፊት፣ በስልክ መብራት እጽፋለሁ። ቤት ከገባሁ እንደማልጽፍ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ደመርኩት። ለቤት ያስገባሁት 3,400 ብር ነው። ለጫት፣ ለሻይ፣ ለለስላሳ የወጣው 2,600 ብር። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፣ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ። አልተሳሳትኩም። ያን ማታ ለባለቤቴ አልነገርኳትም፣ አፈርኩ።

ጫቱን በአንዴ ተውኩት ብል ውሸት ነው። ቀነስኩት። በቀን 30 ብር ከሁሉ በፊት፣ ገና ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች እንደከፈሉኝ፣ ለብቻ አስቀምጣለሁ። ማታ የተረፈውን አስቀምጣለሁ ብዬ ስንት ጊዜ ሞክሬ ነበር፣ ማታ ምንም አይተርፍም። ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳኑን በሳሁና ብሩን በቀዳዳው እከት ጀመር። በዓመቱ ስንከፍተው 9,000 ብር ሆነ። ባለቤቴ ብሩን በየዓይነቱ ለይታ አልጋው ላይ ደርድራ ስትቆጥር ድምፅ አታወጣም ነበር።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። ጅማ ውስጥ ብር ወቅት አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ይለቀማል፣ ከገጠር የሚመጣው ሰው እጁ ላይ ብር አለ፣ ዕቃ ይገዛል፣ ወደ መነሃሪያ በኮንትራት ይሄዳል። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተማሪው ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ወደ ከተማ ይመላለሳል። ክረምት ላይ ተማሪው ይሄዳል። ዝናቡ ሰውን ወደ ባጃጅ ይገፋል፣ ግን የጭቃው መንገድ ከተሳፋሪው የምታገኘውን ይበላል። ይሄን ሁሉም ሹፌር በአፉ ያውቀዋል። እኔ ግን በቁጥር ሳየው ነው በኅዳር ለሐምሌ ማስቀመጥ የጀመርኩት።

በ2011 እቁብ ገባሁ። 30 ሰው፣ በሳምንት 600 ብር፣ እጣው 18,000። ለእኔ ዓይነት ሰው እቁብ ከባንክ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው። ባንክ አላስገባሁም ብሎ አይደውልልህም። የእቁብ ዳኛ ይደውላል፣ ካላነሳህ ተራው ላይ ይመጣል፣ ዋስህም ያፍርብሃል። ሁለት ዙር ጠጣሁ፣ 36,000 ብር። አንድ ሳንቲም ሳልነካ ባንክ አስገባሁት።

በ2012 መጨረሻ ሀጂ ባጃጇን ሊሸጧት ፈለጉ። ዋጋዋን 110,000 ብር አሉ። እኔ የቆርቆሮውና የእቁቡ ተደምሮ 45,000 አለኝ። ባለቤቴ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ ከምትሸጠው ያጠራቀመችውን 10,000 ጨመረች። ግማሹ ሞላ። ቀሪውን በየወሩ 5,000 እንድከፍል ተስማሙ፣ ያለ ወለድ። ሁለት ሽማግሌ ተቀምጦ ተፈራረምን። በ11 ወር ጨረስኩ። ያቺ የመጨረሻ 5,000 ብር የተከፈለች ቀን ቤተሰቤን ጭኜ ጅሬን ወጣሁ፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ግቢ በር ላይ ቆመን ከተማዋን ከላይ አየናት። ልጄ «አባ፣ አሁን ይቺ የእኛ ናት?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ለሀጂ የማስገባው ቀረ፣ እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ብር የእኔ ሆነ ብዬ አሰብኩ። በ2013 ክረምት ሞተሩ ወረደ። ፒስተን፣ ቀለበት፣ የእጅ ዋጋ፣ ጠቅላላ 28,000 ብር። አልነበረኝም። ተበደርኩ፣ ሦስት ሳምንት ባጃጇ ጋራዥ ቆመች፣ እኔም ቤት ዋልኩ። ሀጂ ሊጠይቁኝ መጡና ዛሬም ድረስ የምመራበትን ነገር ነገሩኝ። «እኔ 250ውን ስቀበል የበላሁት መስሎህ ነበር? ግማሹ የባጃጇ ነበር።»

ባጃጅ በየቀኑ ራሷን እየበላች ነው የምትሠራው። በቀን የምታገኘው ብር ውስጥ የጎማው፣ የሞተሩ፣ የፍሬን ሸራው ዋጋ አለበት፣ ከዚያም አልፎ እሷ ስታረጅ የምትተካዋ ባጃጅ ዋጋ አለበት። ያንን የሚበላ ሰው ትርፍ የበላ ይመስለዋል እንጂ ባጃጇን ነው የበላው። ስንት ጎበዝ ሹፌር አውቃለሁ፣ አሥር ዓመት ነድቶ በመጨረሻ ቁርጥራጭ ብረት የቀረው።

ከመስከረም 2014 ጀምሮ በደብተሩ አምስተኛ መስመር ጨመርኩ፦ የባጃጇ ድርሻ። በቀን 150 ብር፣ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ። በዓመቱ 45,000 ብር ሞላ።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ያን ጊዜ ጎማ የምገዛው በ1,200 ብር ነበር። 45,000ው 37 ጎማ ይገዛል ማለት ነው። በ2016 ያው ጎማ 2,600 ገባ። ያው 45,000 በ7 በመቶ ወለድ ሁለት ዓመት ቢቀመጥ 51,000 ግድም ይሆናል፣ እሱ ደግሞ 19 ጎማ። ብሩ ጨምሯል፣ ጎማው በግማሽ ቀንሷል። የዋጋ ንረት የሚሉትን በዜና ስሰማው አይገባኝም ነበር፣ በጎማ ስቆጥረው ገባኝ። ደነገጥኩ። ብር ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም፣ የሆነ ነገር መሆን አለበት።

ድንጋጤው ደግሞ ሰውን ለሌባ ያጋልጣል። በ2015፣ ገና ዋጋው ሽቅብ መሄድ ሲጀምር፣ አንድ ሰው በስልክ የሚሠራ ነገር አሳየኝ። 18,000 ብር ካስገባህ በየቀኑ ትርፍ ይከፍላል፣ ሰው ካመጣህ ይጨምርልሃል። ለሁለት ሳምንት ከፈለኝ። ከዚያ ጠፋ። ብሬም ጠፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውየው ወንድሜን አስገባው ብሎ ሲወተውተኝ እምቢ ብዬ ነበር። ዛሬ ማንም ትርፍ አለው ብሎ ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ትርፉ ከማን ኪስ ነው የሚመጣው? የባጃጅ ትርፍ ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ ከመርካቶ ወደ አጂፕ ከተሳፈረችው እናት ነው። ያኛው ግን ከእኔ በኋላ ከሚገባው ሰው ኪስ ነበር የሚመጣው።

ከዚያ በኋላ በማውቀው ነገር ላይ ለመግባት ወሰንኩ። አንድ ቀን አወይቱ ድልድይ አጠገብ፣ በዶፍ ዝናብ፣ የፍሪሲዮን ገመድ ተበጠሰብኝ። ገመዱ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን እስከ መርካቶ በእግሬ ሄጄ ሁለት ሱቅ ዘግቶ፣ ሦስተኛው ጋ አግኝቼ እስክመለስ ግማሽ ቀን አለፈ። ተመልሼ ስገጥም አሰብኩ። በእኛ ተራ ላይ ስንት ባጃጅ ነው በቀን ገመድ የሚበጠስበት?

በ2016 መጀመሪያ ተራው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። ካንዴላ፣ ገመድ፣ የፍሬን ሸራ፣ አምፖል፣ ዘይት። ሌላ ምንም። ፈቃዱ በወንድሜ ስም ወጣ፣ እሱ ይቀመጣል፣ እኔ እነዳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ትርፍ አልነበረም። ሐምሌ ላይ ግን ብር ከውጭ ገንዘብ ጋር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለና የመለዋወጫ ዋጋ ይንር ጀመር። ወንድሜ ደስ ብሎት ገመዱን በድሮው ዋጋ ቶሎ ቶሎ ሸጠ፣ ሽያጩ ደርቷል። እኔ ማታ ስደምር አላማረኝም። በተሸጠው ብር መደርደሪያውን መልሰን ስንሞላ 10 ገመድ የነበረበት ቦታ 6 ብቻ ገባ። ከዚያ ወዲህ ዋጋ የምንተምነው በገዛንበት ሳይሆን መልሰን በምንገዛበት ነው። ደንበኞች አንዳንዴ ይቆጣሉ፣ ልክ ናቸው፣ እኔም እንደነሱ ሹፌር ነኝ። ደብተሩን አሳያቸዋለሁ።

በጥቅምት 2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር መሸጥ ጀመረ። አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33፣ ማለት 9,900 ብር። ሻይ ቤት ውስጥ አንዱ ይናጠቃል ይላል፣ አንዱ ማታለያ ነው ይላል። እኔ ሦስት ማታ ስለሱ የተጻፈውን አነበብኩ። ለሽያጭ የቀረበው ከድርጅቱ 10 በመቶው ነበር፣ ትርፍ የሚከፈለው ድርጅቱ ሲያተርፍና ሲወሰን ነው። ትርፉ ከማን ኪስ ነው ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ካርድ ከሚሞላው ሁሉ፣ ከእኔም ጭምር። 33 ገዛሁ፣ ከዚያ አላለፍኩም። ነገ ለልጅ ትምህርት ቤት የሚያስፈልግ ብር እዚያ አይገባም፣ ቶሎ ላወጣው አልችልምና። የባጃጇ ድርሻም አልተነካም፣ ያ ብር የእሷ ነው።

ሀጂ አሁን አርጅተዋል፣ ሱቁን ልጃቸው ይዞታል። ዓርብ ዓርብ መስጊድ የማደርሳቸው እኔ ነኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም፣ እሳቸውም በየጊዜው ይጣሉኛል። ባለፈው ደብተሩን ከወንበሬ ኪስ አውጥተው አገላበጡት። አራተኛው ደብተር ነው። መነጽራቸውን አስተካክለው አምስተኛውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ።

«አዲሷ ስንት ገብታለች?» አሉኝ።

ዋጋውን ነገርኳቸው። ከተጠራቀመው ይበልጣል፣ ገና ብዙ ይቀራል።

«መስከረም ላይ ደግመህ ጠይቅ» አሉና ደብተሩን መለሱልኝ፣ በሩን ከፍቼ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው።