የወይን መስተንግዶ ፈተና መለማመጃ፣ ከነመልሱ

ቅዳሜ ለምትፈተኑት የፈረቃ ጓደኞቼ። የደብልዩ ኤስ ኢ ቲ ደረጃ አንድ የወይን ፈተና 30 የምርጫ ጥያቄ አለው፣ 45 ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ለማለፍ 70 በመቶ ያስፈልጋል፣ 21 መመለስ ማለት ነው። ሰዓቱ ይበቃል። ብዙ ሰው የሚቸገረው የሙቀት ዲግሪውን ሁሉ ሸምድዶ ምክንያቱን ሳይዝ ስለሚገባ ነው፤ ጥያቄው ትንሽ ጠመም ሲል ይደናበራል። ስለዚህ ከየመልሱ ስር ለምን እንደሆነ ጽፌላችኋለሁ። አንዳንዶቹ ጥያቄዎች ከዚህ ፈተና ያልፋሉ፤ በኋላ የተግባር ፈተና ላለባችሁ ይጠቅማሉ። መጀመሪያ መልሱን በወረቀት ሸፍኑት።

ጥያቄ 1፦ ከበድ ያለ ቀይ ወይን በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀርባል?
ሀ) ከ6–10 ለ) ከ10–13 ሐ) ከ15–18 መ) ከ22–25

መልስ፦ ሐ። "ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት" የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ክፍሉ የጥንት አውሮፓውያን ቀዝቃዛ ቤት ነው እንጂ የእኛ ባር በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ አይደለም። ወይኑ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል፣ ፍሬው ይደበዝዛል። እኔ መደርደሪያ ላይ የዋለ ቀይ ከሆነ አስር አስራ አምስት ደቂቃ በረዶ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ የሚስቅብኝ እንግዳ አለ፣ ሲቀምሰው ዝም ይላል። ሌሎቹን ደግሞ ያዙ፦ አረፋ ያለው ከ6–10፣ ቀለል ያለ ነጭ ከ7–10፣ በርሜል የነካው ሻርዶኔን የመሰለ ከበድ ያለ ነጭ ከ10–13፣ ቀለል ያለ ቀይ 13 አካባቢ። ነጩም ቢሆን ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ሽታውን ይደብቃል።

ጥያቄ 2፦ ነጭ ወይን ቶሎ ለማቀዝቀዝ ባልዲው ውስጥ ምን ይገባል?
ሀ) በረዶ ብቻ ለ) በረዶና ውሃ ሐ) ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ

መልስ፦ ለ። በረዶ ብቻውን ሲሆን በመሃሉ አየር አለ፤ ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ውሃው ዙሪያውን ያቅፈዋል።

ጥያቄ 3፦ ሻምፓኝ ሲከፈት የሚዞረው የትኛው ነው?
ሀ) ቡሹ ለ) ጠርሙሱ

መልስ፦ ለ። ጠርሙሱ ውስጥ ወደ 6 አትሞስፌር የሚጠጋ ግፊት አለ፣ የመኪና ጎማ አጠገቡ አይደርስም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በደንብ ይቀዘቅዛል፣ ወረቀቱ ይላጣል፣ አውራ ጣት ቡሹ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሽቦው ይላላል። ጠርሙሱን ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሉት፣ ወደ ሰው አታዙሩት፣ ቡሹን ጨብጣችሁ ጠርሙሱን ከስር ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ድምፁ "ጧ" ሳይሆን ትንፋሽ ነው መሆን ያለበት።

ስራ በጀመርኩበት ዓመት፣ በአንድ ሆቴል ለሰርግ ግብዣ ስንሠራ፣ ሽቦውን አውልቄ ጣቴን ሳላስቀምጥ ለእንግዳው መልስ ልሰጥ ዞር አልኩ። ቡሹ የጣሪያውን አምፖል አገኘው። አረፋው የሙሽራዋ እናት ነጠላ ላይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦ በነካሁ ቁጥር ጣቴ ቀድሞ ቡሹ ላይ ነው፤ ቤቴ ለስላሳ ስከፍት እንኳን።

ጥያቄ 4፦ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል፦ ወይኑን ያዘዘው ጋባዥ፣ ባለቤቱ፣ እናቱ እና የሥራ እንግዳው የሆነ ወንድ። የአቀዳዱን ተራ ጻፉ።

መልስ፦ ጠርሙሱ ሳይከፈት ስሙና ዓመቱ እንዲታይ ለጋባዡ ይቀርባል፣ ከዚያ ትንሽ ቀድታችሁ ታስቀምሱታላችሁ። እሺ ሲል በሰዓት አቅጣጫ እየዞራችሁ ለሴቶቹ፣ ቀጥሎ ለእንግዳው፣ በመጨረሻ ለጋባዡ። ሁልጊዜ ከቀኝ በኩል። እኛ አገር እናትየዋን አስቀድማችሁ ብትጀምሩ ማንም አይቆጣም፣ እንዲያውም ይመርቋችኋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን የተማራችሁትን ጻፉ። አንድ ወጥመድ አለ፦ ያዘዘችው ሴት ከሆነች የምትቀምሰው እሷ ናት። አጠገቧ ወንድ ስላለ ብቻ ለእሱ የሚያስቀምስ አስተናጋጅ ዛሬም አለ፣ ነውር ነው። መጠኑን በተመለከተ ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው፤ በ125 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ 6 ብርጭቆ፣ በ150 ደግሞ 5 ይወጣዋል።

ጥያቄ 5፦ እንግዳው "ይሄ ወይን የረጠበ ካርቶን ይሸታል" አለ። ችግሩ ምንድን ነው? ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ ቲ ሲ ኤ የሚባል ነገር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቡሽ የሚመጣ። ጤና አይጎዳም፣ ወይኑን ግን ይገድለዋል። ይቅርታ ጠይቃችሁ ሌላ ጠርሙስ አምጡ፣ አትከራከሩ። ብርጭቆ ውስጥ የቡሽ ፍርፋሪ መንሳፈፍ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እሱ የመክፈቻችን ጥፋት ነው። የኮምጣጤ ሽታም ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ 6፦ ወይን ወደ ዲካንተር የሚገለበጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ያረጀውን ከአተላው ለመለየት፣ ወጣቱን አየር ለማስነካት።

ጥያቄ 7፦ ምግብ ውስጥ ያሉ የትኞቹ ሁለት ጣዕሞች ወይኑን ሻካራና መራራ ያስመስሉታል?
ሀ) ጨውና ኮምጣጣነት ለ) ጣፋጭነትና ኡማሚ

መልስ፦ ለ። ኡማሚ የእንጉዳይ፣ የቆየ ፎርማጆ ዓይነት ጣዕም ነው። ጨውና ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራሉ፣ ወይኑን ያለዝቡታል። ይህን ማንበብ አይበቃም። እረፍት ላይ ደረቅ ቀይ አንድ ጉንጭ ቅመሱ፤ ብዙ የቆየ ሻይ ሲጠጣ ድድ እንደሚያደርቀው ይይዛችኋል፣ ታኒን ማለት እሱ ነው። ከዚያ ሎሚ ላይ ጨው ነስንሳችሁ ላሱ፣ ወይኑን ድገሙት። ያው ወይን ነው፣ ግን የለሰለሰ ይመስላል። ኬክ በልታችሁ ስትሞክሩት ፊታችሁ ይኮማተራል። ከጣፋጭ ምግብ ጋር የሚቀርበው ወይን ቢያንስ የምግቡን ያህል ይጣፍጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ 8፦ እንግዳው ዶሮ ወጥ አዟል፣ ጠንካራ ካበርኔ ሶቪኞን ይፈልጋል። ምን ትሉታላችሁ?

መልስ፦ የበርበሬው ማቃጠልና አልኮሉ ይጋገዛሉ፣ አፉ ይነዳል፤ ታኒኑም ይበልጥ ይመራል። እንጀራው ደግሞ ኮምጣጣ ስለሆነ አሲዱ ደከም ያለ ወይን ከጎኑ ውሃ ይሆናል። የሚሻለው አልኮሉ ዝቅ ያለ፣ አሲድ ያለው፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ነው፤ ሪዝሊንግ ካለ ጥሩ። ከሌለ የባቱውን አካሺያ ሚዲየም ስዊት ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አቅርቡ። ካበርኔው የሚያምርበት ሚጥሚጣ ያልበዛበት ጥብስ ነው፤ ጨው አለው፣ ታኒኑን ያላላዋል። ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ንገሩት፣ አታስተምሩት። ማቃጠል የሚወድ ሰው አለ፣ ምርጫው የእሱ ነው። ካበርኔውን ካለ ካበርኔውን ክፈቱለት፤ ውሃ ግን ሳይጠይቅ አስቀምጡለት።