የመሠረታዊ ሂሳብ አያያዝ ኮርስ ዝርዝር፦ የጎልማሶች የማታ ክፍል፣ 16 ሳምንት

ኮርሱ ለማን ነው

ገንዘብ እየተቀበሉና እየከፈሉ ለሚሠሩ፣ መዝገብ መያዝን ግን በወጉ ላልተማሩ 22 ጎልማሶች ነው። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ማታ፣ በየማታው 2 ሰዓት፣ በጠቅላላው 64 ሰዓት ይወስዳል። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈልና መቶኛ መሥራት ይበቃል። በመጀመሪያው ማታ የ15 ደቂቃ መለኪያ ይሰጣል። መቶኛ የሚያስቸግራቸው ሰልጣኞች እስከ 3ኛው ሳምንት ድረስ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይመጣሉ።

አሠራር

ከ2 ሰዓቱ ገለጻ የሚወስደው 30 ደቂቃ ብቻ ነው። 75 ደቂቃ ለልምምድ፣ ቀሪው 15 ደቂቃ ለእርማት ይውላል። የቤት ሥራ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም፤ ሰልጣኞቹ ቀን ሥራ ውለው ነው የሚመጡት።

ከ1ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት የምንሠራው በአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሰነዶች ነው። በየሳምንቱ አዲስ ድርጅት መፍጠር ለአስተማሪ ይቀላል፤ ሰልጣኙ ግን በ5ኛው ሳምንት የሠራው ስህተት በ12ኛው ሳምንት ምን እንዳበላሸበት ሳያይ ይቀራል።

እስከ 14ኛው ሳምንት በእጅ ይሠራል። ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ባለ ሁለት ዓምድ መዝገብ፣ የሂሳብ ማሽን፣ እስክሪብቶና የሰነድ ፋይል ያስፈልጋል። እርሳስና ላጲስ አይፈቀድም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ አጠገቡ ይፈረማል።

ሳምንት 1፦ ሰነድ

*ውጤት፦* ሰልጣኙ ደረሰኝን፣ የዱቤ ሽያጭ ሰነድን፣ የክፍያ ቫውቸርንና የባንክ ገቢ ማረጋገጫን ለይቶ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ ይናገራል።
*ልምምድ፦* የተደባለቁ 30 ወረቀቶች በቀንና በዓይነት ይደረደራሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ ቀን የላቸውም፣ አንዱ የሌላው ቅጂ ነው፣ አንዱ የባለቤቱ የግል ወጪ ነው። አራቱን ያላወጣ ሰልጣኝ እንደገና ይደረድራል።

ሳምንት 2፦ ሀብት = ዕዳ + ካፒታል

*ውጤት፦* ማንኛውም ግብይት ቢያንስ ሁለት ነገር እንደሚነካ በቁጥር ያሳያል።
*ልምምድ፦* ባለቤቱ 50,000 አስገባ። መደርደሪያ በ12,000 ተገዛ፤ ጠቅላላ ሀብቱ አልተለወጠም፣ መልኩን ብቻ ቀየረ። ዕቃ በዱቤ በ18,000 ተገዛ፤ 68,000 = 18,000 + 50,000። ከዕዳው 5,000 ተከፈለ፤ 63,000 = 13,000 + 50,000። ከእያንዳንዱ ግብይት በኋላ ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸው ይጣራል።

ሳምንት 3–5፦ ዴቢትና ክሬዲት፣ ጆርናል፣ ሌጀር

የኮርሱ ዳገት ይህ ስለሆነ ሦስት ሳምንት ተሰጥቶታል። ብዙ ሰው ክሬዲትን «ገባልኝ» ብሎ ተርጉሞ ነው የሚመጣው፤ ባንክ ገንዘብ ሲገባለት «ክሬዲት ሆኗል» ይለዋልና። ባንኩ የሚናገረው ከራሱ መዝገብ ተነስቶ ነው፦ ደንበኛው ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ ክሬዲት ያደርገዋል። በሱቁ መዝገብ ግን ያው ገንዘብ ሀብት ነው፣ ዴቢት ይሆናል። ይህ በ3ኛው ሳምንት የመጀመሪያ ማታ ካልተነገረ ሰልጣኙ ሕጉን ሸምድዶ ያልፍና ኋላ ይደነቃቀፋል።

ሕጉ፦ ሀብትና ወጪ ሲጨምሩ ዴቢት፣ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ ሲጨምሩ ክሬዲት።

*ውጤት፦* 3ኛ ሳምንት፣ 20 ግብይቶችን በቃል ይለያል፣ 16ቱን ሳይሳሳት። 4ኛ ሳምንት፣ ከሰነድ ተነስቶ ግብይቶቹን በቀን ተራ የሚይዘውን ጆርናል ይጽፋል። 5ኛ ሳምንት፣ ጆርናሉን ለእያንዳንዱ ሂሳብ የራሱ ገጽ ወዳለው ሌጀር ያዛውራል፣ የገጽ ቁጥሩንም በሁለቱም ላይ ያሰፍራል።
*ልምምድ፦* የሱቁ የመጀመሪያ ወር 42 ግብይቶች። የተለመደው ስህተት መደርደሪያውን ከሚሸጠው ዕቃ ጋር «ግዢ» ብሎ መመዝገብ ነው፤ ያኔ የወሩ ወጪ በ12,000 ያብጣል። ሌላው የገጽ ቁጥር አለመጻፍ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥ የተዛወረው ካልተዛወረው አይለይም።

ሳምንት 6፦ ጥቃቅን ወጪ

*ውጤት፦* ቋሚ መጠን ያለው የጥቃቅን ወጪ ሣጥን ያስተዳድራል።
*ልምምድ፦* መነሻው 1,500፣ የቫውቸሮቹ ድምር 1,130፣ በሣጥኑ የተቆጠረው 360። 10 ጎድሏል። ሰልጣኙ ጉድለቱን ለብቻው መዝግቦ 1,140 እንዲተካ ይጠይቃል። ጉድለቱን በትራንስፖርት ወጪ ውስጥ የደበቀ ከልምምዱ ምንም ነጥብ አያገኝም።

ሳምንት 7፦ ተሰብሳቢና ተከፋይ

*ውጤት፦* ለእያንዳንዱ የዱቤ ደንበኛና አቅራቢ ካርድ ይከፍታል፤ የካርዶቹን ድምር ከሌጀሩ ጋር ያመሳክራል።
*ልምምድ፦* 9 ደንበኞች፣ 4 አቅራቢዎች። ያልተከፈለው እስከ 30፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ60 ቀን በላይ ተብሎ ይመደባል።

ሳምንት 8፦ የሙከራ ሚዛን (ትራያል ባላንስ) እና የአጋማሽ ፈተና

*ውጤት፦* የሌጀሩን የዴቢትና የክሬዲት ቀሪዎች ደምሮ የሚያነጻጽረውን ሚዛን ያወጣል፤ ካልገጠመ ስህተቱን በቅደም ተከተል ይፈልጋል።
*ልምምድ፦* ሆን ተብሎ የተበላሹ ሦስት ሚዛኖች ይታረማሉ። ፍለጋው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ድምሩ ይደገማል። ቀጥሎ ልዩነቱ ለ2 ይካፈላል፤ ውጤቱን የሚያክል ሂሳብ በተሳሳተ ጎን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ለ9 ያለቀሪ ከተካፈለ አሃዞች ተቀያይረው ሊሆን ይችላል፤ 540 በ450 ፈንታ ሲጻፍ ልዩነቱ 90 ነው። ሚዛኑ ገጠመ ማለት ግን መዝገቡ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ጨርሶ ያልተመዘገበ ግብይት፣ በተሳሳተ ሂሳብ የገባ ወጪ፣ በሁለቱም ጎን እኩል የተሳሳተ ቁጥር አይታይበትም።

ሳምንት 9–10፦ የባንክ ማስታረቂያ

*ውጤት፦* የባንኩን መግለጫና የሱቁን መዝገብ አስታርቆ፣ አስፈላጊውን ማስተካከያ ብቻ ይመዘግባል።
*ልምምድ፦* በባንኩ ቀሪ 27,450፤ ገና ያልታየ ገቢ 3,200 ይደመራል፤ ለባንኩ ገና ያልቀረቡ ሁለት ቼኮች 1,850 እና 900 ይቀነሳሉ፤ 27,900። በሱቁ ቀሪ 28,230፤ የባንክ አገልግሎት ክፍያ 60፣ የተመለሰ የደንበኛ ቼክ 180፣ በ540 ወጥቶ በ450 የተመዘገበ ቼክ ልዩነት 90 ይቀነሳሉ፤ 27,900። በሁለቱም ጎን እኩል ስለተሳሳተ የ8ኛው ሳምንት ሚዛን ያላየውን 90 የሚያወጣው ይህ ሥራ ነው። ጆርናል የሚጻፈው በሱቁ በኩል ላሉት ሦስቱ ብቻ ነው፤ ያልቀረቡትን ቼኮች እንደገና የሚመዘግብ ሰልጣኝ በየክፍሉ አይጠፋም።

ሳምንት 11፦ የወር መጨረሻ ማስተካከያ

*ውጤት፦* በቅድሚያ የተከፈለንና የእርጅና ቅናሽን ለወሩ ያካፍላል።
*ልምምድ፦* የ3 ወር ኪራይ 9,000 ተከፍሏል፤ የወሩ ወጪ 3,000፣ ቀሪው 6,000 ሀብት ነው። መደርደሪያው 5 ዓመት ያገለግላል ከተባለና መጨረሻ ላይ ዋጋ ከሌለው፣ ቅናሹ በዓመት 2,400፣ በወር 200 ነው።

ሳምንት 12–13፦ መግለጫዎች

*ውጤት፦* የትርፍና ኪሳራ መግለጫንና የሀብትና ዕዳ መግለጫን ከመጀመሪያው ወር መዝገብ ያወጣል።
*ልምምድ፦* ሽያጭ 14,300። ግዢ 18,000 ሲሆን በቆጠራ የተገኘው ዕቃ 9,600፤ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 8,400፣ ጥቅል ትርፍ 5,900። ኪራይ 3,000፣ ጥቃቅን ወጪ ከጉድለቱ ጋር 1,140፣ የእርጅና ቅናሽ 200፣ የባንክ ክፍያ 60 ሲቀነሱ የተጣራው ትርፍ 1,500። ባለቤቱ 2,000 ለግሉ ወስዷል፤ ካፒታሉ 49,500 ይሆናል። የግል ወጪው ከትርፉ በላይ ቢሆንም ወጪ ተብሎ አይመዘገብም። ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ትርፉ የታለ? ሣጥኑ ውስጥ የለም!» ነው፤ መልሱ በተሰብሳቢና በዕቃ ውስጥ ይፈለጋል። ለዚህ አንድ ሙሉ ማታ ተመድቧል።

ሳምንት 14–15፦ ኮምፒውተር

14ኛው ሳምንት ያልጨረሱትን ማሟያ ነው። በ15ኛው የገንዘብ መዝገቡ ወደ ስፕሬድሺት ይገባል፦ ቀን፣ ማብራሪያ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፤ የመነሻው ቀሪ በ2ኛው ረድፍ።

```
E3:  =E2+C3-D3
C44: =SUM(C3:C43)
```

በቀሪው ዓምድ ቁጥር በእጅ መጻፍ ክልክል ነው። ከመጨረሻው ረድፍ በታች የገባ ግብይት በድምሩ ውስጥ ስለማይቆጠር፣ አዲስ ረድፍ ሁልጊዜ ከመካከል ይጨመራል፤ የቀሪው ቀመርም በአዲሱና ከሱ ቀጥሎ ባለው ረድፍ እንደገና ይቀዳል።

ሳምንት 16፦ ማጠቃለያ ሥራ

የሱቁ የሁለተኛ ወር 38 ሰነዶች በሁለት ማታ፣ ከጆርናል እስከ መግለጫ። ማስታወሻና መዝገብ መያዝ ይፈቀዳል።

ምዘና

የሳምንት ልምምድ ፋይል 40%፣ የአጋማሽ ፈተና 20%፣ ማጠቃለያ ሥራ 40%። ማለፊያው 60% ነው፤ የባንክ ማስታረቂያውን ያልጨረሰ ግን ውጤቱ 60% ቢሞላም ያንን ሥራ ደግሞ ሳያስረክብ የምስክር ወረቀት አያገኝም። የቀረ ሰው ያመለጠውን ልምምድ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ሁለተኛ ማታ ያስረክባል፤ ሦስት ሳምንት በተከታታይ የቀረ ከ3–5ኛው ሳምንት ያለውን ከአስተማሪው ጋር ሳይከልስ ወደ ሚዛን ሥራ አይገባም።