የካቢኔት ቪዲዮዎቻችን ግምገማ፦ ሽፋን፣ ርዕስና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች

ጋሼ፣ ባለፈው ወርክሾፑ ውስጥ ስንገናኝ «ብዙ ሰው ያየው ቪዲዮ ለምን ሥራ አላመጣም?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ለማግኘት ከመስቀል ወዲህ በፌስቡክ የለቀቅናቸውን 36 ቪዲዮዎች አንድ በአንድ አይቼ መዘገብኳቸው። ዘጠኙ የታዩት እዚህ ግባ የማይባል ጊዜ ስለሆነ ከሂሳቡ አውጥቻቸዋለሁ። ቀድሞ የሞቀለትን ቪዲዮ ፌስቡክ ራሱ እየመረጠ ለማስታወቂያ የከፈልነውን ገንዘብ ወደዚያ ስለሚያዞር፣ የቀሩት ዕድል ሳያገኙ ነው የሞቱት። መጥፎ ናቸው ማለት አይቻልም።

የቀሩትን 27 ቪዲዮዎች በአከፋፈታቸው፣ ማለትም መጀመሪያ በሚያሳዩት ነገር መደብኳቸው። አንዱን ቪዲዮ ከሌላው ጋር ብናወዳድር ዘፈኑም፣ ቤቱም፣ ርዕሱም ስለሚለያይ ምኑ እንደሠራ አይታወቅም። አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን መልካቸው ይወጣል።

| አከፋፈት | የቪዲዮ ብዛት | ከ100 ዕይታ 3 ሰከንድ የቆየው | በ1,000 ብር የመጣ ጥሪና መልእክት |
|---|---|---|---|
| ሎጎና ሙዚቃ | 6 | 11 | 2 |
| ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ (ቀልድ) | 3 | 38 | 3 |
| ሰፈሩ በድሮን | 2 | 31 | 2 |
| ያለቀለት ኪችን | 8 | 19 | 5 |
| ሠራተኛ ሲገጥም | 5 | 24 | 7 |
| ባዶ ክፍልና ሜትር | 3 | 22 | 11 |

ሦስተኛውና አራተኛው ዓምድ እንደማይስማሙ ልብ ይበሉ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

ቀልዱ ሰውን ያቆማል። ባልየው «ዕቃውን የት ላድርገው?» ብሎ ሲጮህ ማን ጣቱን ያንቀሳቅሳል? ካቢኔቱ ግን የሚመጣው አስራ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ አብዛኛው ተመልካች ስቆ ሄዷል። አስተያየቶቹን አንብቤያቸዋለሁ። ጓደኛን እየጠሩ «አንተን ነው» ከመባባል በቀር ስለ ካቢኔት የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። ድሮኑም እንደዚያው ነው። የኮዬ ፈጬን ሕንፃዎች ከላይ ማየት ያምራል፤ ሰው የሚቆመው ግን ብሎኩን ሊፈልግ ነው። (የድሮኑ ኪራይ ከወሰደብን አንፃር ይህን ስጽፍ ትንሽ ከብዶኛል።)

ሎጎውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሦስቱን ሰከንድ ሙሉ የሚሽከረከር ስም ነው የሚበላው። ስሙን ገና የማያውቅ ሰው ሊጠብቀው ምክንያት የለውም። ከመጨረሻው እናስቀምጠው።

«ባዶ ክፍልና ሜትር» ያልኳቸው ሦስቱ በጣም ተራ ናቸው። ያልተቀባ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ፣ የውሃ ቧንቧ ጫፍ፣ ሜትር የሚዘረጋ እጅ፣ በትልቁ የተጻፈ «ባለ ሁለት መኝታ ኪችን ስንት ይፈጃል?»። አለቀ። በሦስት ሰከንድ የሚቆየው ሰው ከቀልዱ በጣም ያንሳል፤ ግን የሚቆየው ቁልፍ የተረከበ ሰው ነው። ቤቱን ያውቀዋል። ያች ቧንቧ እሱም ቤት አለች። ሌላው ቶሎ ማለፉ ለእኛ ኪሳራ አይደለም፤ የቦሌ አፓርታማ ተከራይ ካቢኔት አያሠራም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሦስቱም የተቀረጹት በአንድ ቤት ነው፤ የሚናገረውም ያው የእርስዎ ዋና አናጢ ነው። ልጁ አንደበቱ ደስ ስለሚል የሠራው አከፋፈቱ ይሁን እሱ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ «ይኸው አገኘነው» ለማለት ገና ነው።

በመግጠም የሚጀምሩት አምስቱ ላይ ካሜራማናችን «የድሪሉ ድምፅ ነው የሚስበው» ይላል። አይመስለኝም። ፌስቡክ ላይ ቪዲዮው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ ሰው ነክቶ ካልከፈተው በቀር። ካሉን አምስቱ ሁለቱ ጭራሽ ድሪል የላቸውም፣ በሩ ቀስ ብሎ በራሱ ሲዘጋ ነው የሚጀምሩት፤ ውጤታቸው ግን እኩል ነው። የሚይዘው እንቅስቃሴው ነው። ያለቀለት ኪችን ቆንጆ ቢሆንም ፎቶ ይመስላል፤ ስለዚህ ያልፉታል።

ወደ ርዕሱ ስመጣ፣ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በሁለት ርዕስ የለቀቅነው አራት ጊዜ ነው። ንፁህ ንጽጽር የምለውም እነዚህን ብቻ ነው። አራቱም ላይ ዋጋ የጠቀሰው ርዕስ በልጧል፤ አንዱ ላይ ግን ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው በአራቱም ተሸንፏል። ሰዉ እንደሰለቸው እርስዎም ያውቁታል፤ በውስጥ መስመር ሲጠይቅ ደግሞ እኛ ስንመልስ እየመሸ ነው።

ሌላው ችግር ከስልኩ ጋር የመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጻፍነው «በዘመናዊ ማሽን የተመረተ ጥራቱን የጠበቀ ኪችን ካቢኔት በተመጣጣኝ ዋጋ» ነበር። ስልክ ላይ ሲታይ «በዘመናዊ ማሽን የተመረተ ጥራቱን…» ብሎ ይቆረጣል። ምን እንደምንሸጥ አልተነገረም ማለት ነው! ሳሙናም ሊሆን ይችላል። እንደ ልማዳችን ሙገሳውን አስቀድመን ዕቃውን መጨረሻ ላይ ስለምናስቀምጥ የሚቆረጠው ሁልጊዜ ዕቃው ነው። ስለዚህ ዕቃው ይቅደም፦ «የኮንዶሚኒየም ኪችን ከነዋጋው»። አጭር ነው፣ አይቆረጥም።

ሽፋኑ ላይ ብዙ መጨነቅ የለብንም፤ ቢያንስ ፌስቡክ ላይ። ቪዲዮው ራሱ ስለሚጀምር ሽፋኑን የሚያየው ጥቅሉን ለመቆጠብ አውቶፕሌይ ያጠፋ ወይም ኔትወርክ የደከመበት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ አካባቢ ጥቂት ባይሆንም በቁጥሩ ላይ የሽፋን ልዩነት ጎልቶ አላየሁም።

ቴሌግራም ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ብዙ ሰው ቪዲዮውን ሳያወርድ ሽፋኑን ብቻ አይቶ ነው የሚወስነው። የእኛ ሽፋኖች ደግሞ ሦስት ስልክ ቁጥርና አድራሻ ተሞልተው ካቢኔቱ ከጀርባ ተደብቋል። ቻናሉ ላይ የምናየው የዓይን ምልክት ልጥፉን ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ቪዲዮውን ስንት ሰው እንደከፈተው አይነግረንም፤ ስለዚህ በቁጥር ላሳይዎ አልችልም። ስልክ የምታነሳው ልጅ ለየደዋዩ «የቱን ቪዲዮ አይተው ነው?» ብላ ደብተር ላይ ብትጽፍልኝ ከዚያ የተሻለ መረጃ አይኖርም።

ለሚቀጥለው ዙር የምጠይቀው ገንዘብ ካለፈው አይበልጥም። አራት ቪዲዮ እንሥራ፦ ሁለቱ በባዶ ክፍልና ሜትር፣ ሁለቱ በመግጠም የሚጀምሩ። ከየጥንዱ አንዱን ዋና አናጢው፣ ሌላውን ሌላ ሠራተኛ ይናገረው። ርዕሱ ለአራቱም አንድ ይሁን፤ ገንዘቡንም ፌስቡክ እንዳያዘዋውረው ለየቪዲዮው እኩል እመድባለሁ። ያኔ የሠራው አከፋፈቱ ይሁን ልጁ እናውቃለን። ቀልዱን ለጊዜው ገታ እናድርገው።

ከእርስዎ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለባለ አንድ፣ ለባለ ሁለትና ለባለ ሦስት መኝታ «ከዚህ ይጀምራል» ብለን የምንጽፈው ዋጋ። የኤምዲኤፍ ዋጋ እንደሚዋዥቅ አውቃለሁ፤ ቀኑን አብረን እንጽፍበታለን። ሁለተኛው ቤት ነው። የቱሉ ዲምቱው ደንበኛ ሐሙስ ቁልፉን የሚሰጡን ከሆነ፣ ከእቃው መኪና ጋር ካሜራማኑንም ልላከው? ግድግዳው ሳይቀባ ብንደርስበት ይሻላል።