የሐሙሱ ላብ፦ ከባይናሪ ሰርች ትሪ ላይ ኖድ ማጥፋት እንዴት ይታረማል?

ሰላም ተማሪዎች፣

ላቡ ከ20 ይታረማል። ቅጠል ማጥፋት 3፣ አንድ ልጅ ያለውን ማጥፋት 5 ነው። የሌለ ቁጥር አጥፋ ሲባል ፕሮግራሙ ካልቆመ 3። ቀሪው 9 ሁለት ልጅ ላለው ኖድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ደጋግማችሁ ሞክሩት።

50፣ 30፣ 70፣ 60፣ 80፣ 65ን በቅደም ተከተል አስገቡና 50ን አጥፉ። ከቀኝ በኩል ትንሹ፣ 60፣ ቦታውን ይይዛል። 65ስ? የ70 የግራ ልጅ መሆን አለበት። እሱ ከጠፋ 4 ነጥብ ይቀነሳል። ከግራ በኩል ትልቁን የሚያወጣም ሙሉ ያገኛል። ኮዱ እንቢ ካለ ትሪውን በወረቀት ሣሉልኝ፤ ለእሱም ነጥብ እሰጣለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ የምትመጡ፣ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ አውቀዋለሁ። እስከ 2፡30 እጠብቃችኋለሁ።

የላብ ረዳታችሁ