የሾክ ጥያቄ፦ ቁጥሮቹ ወደየት ይመራሉ?

የ63 ዓመት ሴት፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳቸዋል፤ አቅም አጥተዋል። የደረት ሕመም የለም። ሙቀት 36.4፣ ግፊት 82/64፣ ልብ ምት 118፣ ትንፋሽ 28፣ ኦክስጅን 89%። እጅና እግራቸው ቀዝቅዟል። ነጭ የደም ሴል 14,000፣ ላክቴት 5.1። በካቴተር የተለካው፦

```
CVP   16 mmHg
PCWP  26 mmHg
CI    1.7 L/min/m²
CO    2.9 L/min
SVR   1490 dyn·s/cm⁵
SvO2  52%
```

ትክክለኛው የቱ ነው?

ሀ. ሃይፖቮለሚክ፤ 2 ሊትር ፈሳሽ በፍጥነት
ለ. ሴፕቲክ፤ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ
ሐ. ካርዲዮጀኒክ፤ ኢሲጂ፣ ኖርኤፒነፍሪን፣ አስቸኳይ የልብ ደም ሥር መክፈት
መ. ላክቴት ሳይደገም መለየት አይቻልም

መልስ፦ ሐ

ብዙ ሰው «ለ»ን ይመርጣል። ስኳር፣ ትውከት፣ ከፍ ያለ ነጭ ሴል፣ ላክቴት... ታሪኩ ወደ ኢንፌክሽን ይጎትታል። ግን ነጭ ሴል በጭንቀት ብቻም ይጨምራል። ላክቴትም በሦስቱም ሾክ ስለሚጨምር አይለይም፤ «መ»ም በዚሁ ይወድቃል።

መጀመሪያ SVRን እዩ። ጤነኛው ከ800 እስከ 1200 ነው። በሴፕቲክ ሾክ ደም ሥር ስለሚላላ ይወርዳል። ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ የልብ ውጤት መደበኛ ወይም ከፍ ያለ ይሆናል፤ እጅ ይሞቃል፤ ሴሎች ኦክስጅኑን በደንብ ስለማይጠቀሙ SvO2 ብዙ ጊዜ ከ70 በላይ ነው። እዚህ ሁሉም ተገልብጧል። ሴፕሲስ ተሰናበተ።

ሃይፖቮለሚክና ካርዲዮጀኒክ ግን እስካሁን መንታ ናቸው። በሁለቱም CI ይወርዳል፣ SVR ይጨምራል፣ SvO2 ይወርዳል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ በላይኛውና በታችኛው ግፊት መካከል ያለው ልዩነትም ይጠባል (እዚህ 18 ብቻ)። የሚለያያቸው ከልብ በፊት ያለው ግፊት ነው። ደምና ውኃ ያለቀበት ሰው CVPውም ዌጁም፣ ማለትም PCWP፣ ዝቅ ይላል። ልቡ መግፋት ያቃተው ግን ደሙ ወደኋላ ይጠራቀማል። ዌጅ 26 ማለት ሳንባው ውኃ እየሞላ ነው፤ ኦክስጅን 89% የሆነውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ሀ»ን የመረጠ ሐኪም እዚያው ላይ 2 ሊትር ይጨምርበታል!

የስኳር ሕመምተኛ ሴት ያለ ደረት ሕመም ኢንፋርክሽን ሊይዛት እንደሚችል ጠያቂው በደንብ ያውቃል። ትውከቱን ያመጣው ለዚህ ነው።

በድንገተኛ ክፍል ካቴተር የሚገባለት ሰው ብርቅ ነው። አልትራሳውንድ ካለ ግን ያው ንድፍ ይታያል፦ ደካማ ግራ ልብ፣ የሰፋ ታችኛ ቬና ካቫ፣ ሳንባ ላይ ቢ-ላይን።

አንድ ልዩነት ፈተና ላይ ይወዱታል። CVP 16 ሆኖ ዌጅ 9 ቢሆን፣ ኢሲጂውም የታችኛው ግድግዳ ኢንፋርክሽን ቢያሳይ፣ ቀኝ ልብን ጠርጥሩ። ያኔ ሳንባው ንጹሕ ነው፣ ትንሽ ፈሳሽ መሞከር ይቻላል፣ ናይትሮግሊሰሪን ግን አይነካም።