የሰፈር ቤተ መጻሕፍት በጎ ፈቃደኞች ጉባኤ የበጀት ዕቅድ

ለአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት

ይህ ዕቅድ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ፣ 250 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ለሚካሄደው የአንድ ቀን ጉባኤ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገና ያልተፈረመ የስፖንሰር ድጋፍ በገቢነት አልተያዘበትም።

ገቢ

የምዝገባ ክፍያው ለመደበኛ ተሳታፊ 1,600 ብር፣ ለተማሪ 800 ብር ነው። 170 መደበኛ ተሳታፊዎችና 50 ተማሪዎች ይመዘገባሉ ብለን ስለምንጠብቅ ጠቅላላ ገቢው 312,000 ብር ይሆናል። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር አስቀድሞ የሚፈጸም ሲሆን፣ በር ላይ ምዝገባ አይኖርም።

ቋሚ ወጪ

የአዳራሹ ኪራይ 60,000 ብር ነው፤ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 69,000 ብር ይደርሳል። ለድምፅ መሣሪያና ለፕሮጀክተር 12,000፣ ለባነር 7,000፣ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ተናጋሪዎች መጓጓዣ 10,000፣ ሳይከፍሉ ለሚስተናገዱ 15 ተናጋሪዎችና አስተናባሪዎች 12,000፣ ለመጠባበቂያ 10,000 ብር ተይዟል። ድምሩ 120,000 ብር ነው።

መስተንግዶ

ለአንድ ሰው ምሳ 500 ብር፣ የጠዋትና የከሰዓት ሻይ ቡና ከዳቦ ጋር 200 ብር፣ ባጅና የታተሙ ወረቀቶች 100 ብር፣ በጠቅላላው 800 ብር ያስወጣሉ፤ ዋጋዎቹ ታክስን ያካትታሉ። ዕለቱ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ዋናው ምግብ የጾም በየዓይነቱ ይሆናል፤ ለማይጾሙ በዚያው ዋጋ የፍስክ ምግብ ይቀርባል። አቅራቢው ታኅሣሥ 6 ቀን በምናሳውቀው ቁጥር ልክ ስለሚያስከፍል፣ ከፍሎ የቀረ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም። ምዝገባውም ታኅሣሥ 3 ቀን ይዘጋል።

ገቢና ወጪ የሚመጣጠኑበት ነጥብ

ከአንድ መደበኛ ተሳታፊ ክፍያ ላይ የግል ወጪው ሲቀነስ ለቋሚ ወጪ የሚተርፈው 800 ብር ነው፤ 120,000 ለ800 ሲካፈል 150 ስለሚሆን፣ ጉባኤው ሳይከስር የሚወጣው 150 መደበኛ ተሳታፊዎች ሲከፍሉ ነው። ተማሪው የራሱን ወጪ ብቻ ስለሚሸፍን የተማሪዎች መብዛት ወደዚህ ቁጥር አያቀርበንም። አዳራሹ ጢም ብሎ ልንከስር እንችላለንና፣ ሳምንታዊው ሪፖርት ሁለቱን ለየብቻ ያሳይ።

በተጠበቀው ቁጥር መሠረት ጠቅላላ ወጪው 296,000፣ ትርፉ 16,000 ብር ነው። ይህ ትርፍ ስስ ነው፦ ምሳው በሰው 80 ብር ቢጨምር በ235 ተመጋቢዎች 18,800 ብር ስለሚሆን ትርፉ ጠፍቶ 2,800 ብር ከመጠባበቂያው ይወሰዳል። ስለዚህ ዋጋው እስከ ጉባኤው ቀን እንደማይለወጥ በውሉ ላይ ሳይሰፍር ቅድመ ክፍያ እንዳይፈጸም እንጠይቃለን።

እስከ ኅዳር 25 ቀን የከፈሉት መደበኛ ተሳታፊዎች ከ100 ካነሱ፣ ኮሚቴው በማግስቱ ተሰብስቦ ወደ አነስተኛ አዳራሽ መዛወሩን ይወስናል።

የፋይናንስ ንዑስ ኮሚቴ